የጥንድ ቲ-ቴስት ወይስ የዌልች ቲ-ቴስት? ቫሪያንሱን ከማየታችሁ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መረጃ ይዘው ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር ስቀመጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። «የሁለቱ አምዶች ቫሪያንስ እኩል አይደለም፤ ስለዚህ እኩል ላልሆነ ቫሪያንስ የሚሆነውን ቲ-ቴስት ልጠቀም አይደል?» ፋይሉን ስንከፍተው አንደኛው አምድ «ከሥልጠና በፊት»፣ ሁለተኛው «ከሥልጠና በኋላ» ይላል። በሁለቱም አምዶች ያሉት ሰዎች እነዚያው ናቸው። ተማሪው ቫሪያንሱን በጥንቃቄ አስልቷል፣ ስሌቱም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ምርጫ የሚያስፈልገው ነገር እሱ አልነበረም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ኤክሴል ላይ `Data Analysis` የሚለውን ስትከፍቱ ሦስት ቲ-ቴስቶች ተከታትለው ይመጣሉ፦

```
t-Test: Paired Two Sample for Means
t-Test: Two-Sample Assuming Equal Variances
t-Test: Two-Sample Assuming Unequal Variances
```

እንዲህ ሲደረደሩ የአንድ ዕቃ ሦስት ዓይነት ይመስላሉ። የታችኞቹ ሁለቱ በርግጥ ወንድማማቾች ናቸው፤ ለአንድ ዓይነት መረጃ የተሠሩ ስለሆኑ በመካከላቸው መምረጥ ይቻላል። የላይኛው ግን ለሌላ ዓይነት መረጃ የተሠራ ነው። ይህ ጽሑፍ የላይኛውን (የጥንድ ቲ-ቴስትን) እና የመጨረሻውን (በተለምዶ የዌልች ቲ-ቴስት የሚባለውን) ያነጻጽራል። መካከለኛውን የማነሣው ዌልች ለምን እንደሚሻል ለማሳየት ብቻ ነው።

## መመዘኛዎቹ

ሁለቱን የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በአንደኛው አምድ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በሌላው አምድ ውስጥ ተለይቶ የሚታወቅ ጓደኛ አለው ወይ? ይህን ለማወቅ የምጠቀምበት ቀላል ፈተና አለ። ሁለተኛውን አምድ በሐሳባችሁ እንደ ካርታ በውዙት። ከተበወዘ በኋላ የጠፋ መረጃ ካለ፣ ማለትም «ይኼ የእገሌ ቁጥር ነበር፣ አሁን ከእገሊት ጎን ገባ» የምትሉ ከሆነ፣ መረጃው የጥንድ ነው። ብትበውዙትም ምንም ካልጠፋ ሁለቱ አምዶች የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ የዌልች ነው። የሁለቱ አምዶች ርዝመት እኩል መሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ከአንድ ክፍል 30፣ ከሌላው ክፍል 30 ተማሪ ቢወሰድ ሁለቱ አምዶች ጎን ለጎን ቢቀመጡም ጥንዶች አይደሉም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ፈተናው የሚመለከተው የየትኛውን ቁጥር መበታተን ነው? ሁለቱ ፈተናዎች ስለ ቫሪያንስም ሆነ ስለ ኖርማል ስርጭት ሲያወሩ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ምን ያስከፍላል? በሰው ብዛት፣ በመስክ ሥራ፣ በሚጠፋ መረጃም ጭምር።

## አንድ መረጃ፣ ሁለት መልስ

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ከቲ-ቴስት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ዊሊያም ሲሊ ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ፈተናውን ሲያስተዋውቅ በምሳሌነት ያቀረበው ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 ያሳተሙትን መረጃ ነበር። መረጃው የተሰበሰበው በሚሺጋን ግዛት ካላማዙ ከተማ ካለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። 10 ታካሚዎች ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በተለያዩ ሌሊቶች ወሰዱ፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ለእያንዳንዱ ታካሚ በአማካይ ስንት ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ እንደሰጠው ተመዘገበ። መረጃው ዛሬ አር በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ `sleep` በሚል ስም ተቀምጦ ይገኛል።

| ታካሚ | መድኃኒት 1 | መድኃኒት 2 | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| 1 | 0.7 | 1.9 | 1.2 |
| 2 | -1.6 | 0.8 | 2.4 |
| 3 | -0.2 | 1.1 | 1.3 |
| 4 | -1.2 | 0.1 | 1.3 |
| 5 | -0.1 | -0.1 | 0.0 |
| 6 | 3.4 | 4.4 | 1.0 |
| 7 | 3.7 | 5.5 | 1.8 |
| 8 | 0.8 | 1.6 | 0.8 |
| 9 | 0.0 | 4.6 | 4.6 |
| 10 | 2.0 | 3.4 | 1.4 |

ሠንጠረዡን ቀስ ብላችሁ እዩት። 6ኛውና 7ኛው ታካሚ የትኛውም መድኃኒት ቢሰጣቸው ብዙ ይተኛሉ። 4ኛው የትኛውም ቢሰጠው እምብዛም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው መድኃኒት ከወትሮው ያነሰ ነው የተኛው። የሰዎቹ የእርስ በርስ ልዩነት ትልቅ ነው። የመጨረሻውን አምድ ስታዩ ግን ነገሩ ይረጋጋል፦ ከአንድ ታካሚ በስተቀር የሁሉም ሁለተኛው መድኃኒት በልጧል፣ ያ አንዱም እኩል ነው። ሰባቱ ልዩነቶች በ0.8 እና በ1.8 ሰዓት መካከል ናቸው።

አማካዮቹ 0.75 እና 2.33 ሰዓት ናቸው፤ ልዩነታቸው 1.58። ይህ አኃዝ በየትኛውም ፈተና ቢሰላ አይለወጥም። የሚለወጠው ይህን 1.58 ምን ያህል እናምነዋለን የሚለው ነው።

ዌልች ብንጠቀም ስታንዳርድ ኤረሩ 0.85 ይሆናል፤ የቲ ዋጋው 1.86፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 17.8፣ ፒ-ቫልዩው 0.079። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ-0.21 እስከ 3.37 ሰዓት ስለሆነ ዜሮን ያካትታል። የጥንዱን ብንጠቀም ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 0.39 ይወርዳል፤ የቲ ዋጋው 4.06፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 9፣ ፒ-ቫልዩው 0.0028፣ ክልሉም ከ0.70 እስከ 2.46 ሰዓት። በአንደኛው «በቂ ማስረጃ የለም» ያልነው ነገር በሌላው በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመልሳችሁ። የሁለቱ አምዶች ቫሪያንስ 3.20 እና 4.01 ነው፤ እንዲህ የሚያስጨንቅ ልዩነት የለውም። ሁለቱን ፈተናዎች ያራራቀው የቫሪያንሶቹ እኩል መሆን ወይም አለመሆን አይደለም ማለት ነው። ያራራቃቸው በአንድ ረድፍ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የአንድ ሰው መሆናቸው ነው።

## የጥንድ ቲ-ቴስት

የጥንድ ቲ-ቴስት ሁለት አምዶችን የሚያነጻጽር ቢመስልም የሚሠራው በአንድ አምድ ላይ ነው። መጀመሪያ በየረድፉ ልዩነቱን ያወጣል፤ ከዚያ የልዩነቶቹ አማካይ ከዜሮ ይርቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥንካሬው ከየት እንደሚመጣ የሚያሳየው ይህ ቀመር ነው፦

```
የልዩነቱ ቫሪያንስ = s1² + s2² − 2·r·s1·s2
```

እዚህ ላይ `r` የሁለቱ አምዶች ኮሪሌሽን ነው። በእንቅልፉ መረጃ `r` 0.795 ነው። ሁለቱ ቫሪያንሶች ሲደመሩ 7.21 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ክፍል 5.70 ይቀንስላቸውና 1.51 ይቀራል። ያ የተቀነሰው 5.70 «እከሌ ብዙ ይተኛል፣ እከሌ ትንሽ ይተኛል» የሚለው ጫጫታ ነው። ዌልች ይህን ጫጫታ ሙሉውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጥንዱ ግን እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ስለሚያነጻጽር አብዛኛውን ይጥለዋል።

ከዚያው ቀመር ድክመቱንም ማንበብ ይቻላል። ኮሪሌሽኑ ወደ ዜሮ ከተጠጋ የሚቀነስ ነገር የለም። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ግን ይጎድላል፦ በ10 ጥንድ 9 ብቻ ነው የምታገኙት፣ ሁለት ቡድን ሆነው ቢሆኑ እስከ 18 ይደርስ ነበር። ስለዚህ 5 በመቶ ላይ ለማለፍ የሚያስፈልገው የቲ ዋጋ ከ2.10 ወደ 2.26 ይወጣል። ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ናሙናው ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። የሚያስፈራው ኮሪሌሽኑ ኔጋቲቭ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ሁለት ልጆች አንድ ሳህን ምግብ ተካፍለው በሉ እንበል፤ አንዱ ብዙ ሲበላ ለሌላው ይቀንሳል። እንዲህ ባለ መረጃ የልዩነቱ ቫሪያንስ ይጨምራል፣ ጥንዱም ከዌልች የባሰ ሰፊ ክልል ይሰጣል። እንዲያም ሆኖ ጥንድ የሆነ መረጃ ጥንድ ነው፤ ውጤቱ ስላልጣመን ልጆቹን የማይተዋወቁ ልናደርጋቸው አንችልም።

የኖርማል ስርጭት ጥያቄም የሚነሣው በልዩነቶቹ አምድ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉትን አምዶች ለየብቻ ፈትነው «ኖርማል አይደሉም» ብለው ይጨነቃሉ። እነዚያ አምዶች የፈለጉትን ቅርጽ ቢይዙ ግድ የለም። በእኛ መረጃ የሚያጠያይቀው 9ኛው ታካሚ ነው፤ የ4.6 ሰዓት ልዩነቱ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቆሟል። ይህ አንድ ሰው ውጤቱን ፈጥሮት ይሆን? አውጥተን ብናሰላው አማካዩ ከ1.58 ወደ 1.24 ይወርዳል፤ የቲ ዋጋው ግን ከ4.06 ወደ 5.66 ይወጣል። የራቀ ቁጥር አማካዩን ወደ ራሱ ሲስብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑንም አብሮ ያሰፋዋልና ሁልጊዜ ፒ-ቫልዩን ዝቅ ያደርጋል ማለት አይደለም። ይህን የማሳየው ሰውየውን እንድታስወጡት አይደለም፤ ሁለቱንም ስሌት ሠርታችሁ መደምደሚያው የማይናወጥ መሆኑን እንድታዩ ነው።

አንድ ስሕተት ግን በጥብቅ ላስጠንቅቅ። ኤክሴል ላይ አምዶችን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ልማድ ነው። ሁለቱን አምዶች ለየብቻ ከደረደራችሁ በኋላ የጥንዱን ፈተና ብታሠሩ ሶፍትዌሩ ምንም አይልም፤ ቁጥር ይሰጣችኋል። በእንቅልፉ መረጃ ሞክሬዋለሁ፦ የቲ ዋጋው ከ4.06 ወደ 9.27 ዘለለ። አማካዮቹ እነዚያው ናቸው፣ ሰዎቹ ግን ተቀላቅለዋል፤ ከሁሉ ያነሰው ከሁሉ ካነሰው ጋር፣ ከሁሉ የበለጠው ከሁሉ ከበለጠው ጋር ስለተጣመረ በመረጃው ውስጥ ያልነበረ ስምምነት ተፈጠረ። ኮሪሌሽኑ 0.99 አካባቢ ከሆነባችሁ ወይም ልዩነቶቹ አለቅጥ ከተመሳሰሉባችሁ የመጀመሪያውን ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ።

## የዌልች ቲ-ቴስት

ሁለቱ አምዶች የማይተዋወቁ ሰዎች ከሆኑ የሚቀረው ምርጫ ቫሪያንሶቹን እኩል ናቸው ብሎ ማዋሃድ ወይም ለየብቻ መያዝ ነው። በርናርድ ሉዊስ ዌልች እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ዘዴ ለየብቻ ይይዛቸዋል። ለምን እንደሚያስፈልግ የሚታየው የቡድኖቹ ብዛትም መበታተንም ሲለያይ ነው። ለማሳያ የሚሆን መረጃ ልፍጠር። በአንድ ጤና ጣቢያ 40 ሰዎች የጠበቁት ጊዜ ተለካ፤ አማካዩ 52 ደቂቃ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 8። በሌላው ጤና ጣቢያ የተለኩት 10 ብቻ ናቸው፤ አማካዩ 62፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 20።

ቫሪያንሱን እኩል አድርጎ የሚወስደው ፈተና ሁለቱን ያዋህዳል። አርባዎቹ ስለሚበዙ የእነሱ መረጋጋት ድምፁን ይወስዳል፤ ስታንዳርድ ኤረሩ 3.98፣ የቲ ዋጋው 2.51፣ ፒ-ቫልዩው 0.02 ገደማ ይሆናል። ዌልች ግን እያንዳንዱን ቡድን በራሱ ይመዝናል፦

```
SE = √(8²/40 + 20²/10) = √(1.6 + 40) = 6.45
```

የቲ ዋጋው 1.55 ይሆናል፤ ፒ-ቫልዩው 0.15 አካባቢ። ከቀመሩ ውስጥ ያሉትን 1.6 እና 40 አስተያዩአቸው። የማናውቀው ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ያለው በአሥሩ ሰዎች ዘንድ ነው። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙም ይህን ያውቃል፦ 48 መሆን ሲችል 9.7 ሆኖ ይወጣል፤ ከአሥሩ ሰዎች ብቻ ከሚገኘው 9 እምብዛም አይርቅም። ሪፖርት ላይ ነጥብ ያለው ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ስታዩ ስሕተት አይደለም፣ ዌልች ነው። ነገሩ ተገልብጦ የሚበታተነው ትልቁ ቡድን ከሆነ ደግሞ እኩል የሚያደርገው ፈተና ያለውን ልዩነት ይደብቃል።

«መጀመሪያ የቫሪያንሶቹን እኩልነት የሚፈትነውን ሌቪን ቴስት ሠርቼ ልምረጥ?» ለሚለው መልሴ «አያስፈልግም» ነው። ናሙናው ትንሽ ሲሆን ሌቪን ልዩነቱን ማየት ያቅተዋል፤ የሚያስፈልገን ደግሞ ያኔ ነበር። ቫሪያንሶቹ በእውነት እኩል ቢሆኑም ዌልች የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ለተለያዩ ቡድኖች ከመጀመሪያው ዌልችን ያዙ። ለጥንድ መረጃ ሌቪን ጭራሽ ቦታ የለውም፤ የሁለቱ አምዶች ቫሪያንስ እዚያ ውስጥ ጥያቄ አይደለምና።

ዌልች የማይችለው ነገር አለ። ቫሪያንስ መለያየቱን ይቋቋማል፤ ሰዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ግን አይቋቋምም። አንድ ክፍል ውስጥ የተማሩ 40 ልጆች አስተማሪያቸው አንድ ስለሆነ እንደ 40 የተለያዩ ምስክሮች አይቆጠሩም፤ ይህን የትኛውም ቲ-ቴስት አያስተካክለውም።

## በአጭሩ ጎን ለጎን

| መመዘኛ | የጥንድ ቲ-ቴስት | የዌልች ቲ-ቴስት |
|---|---|---|
| መረጃው | እያንዳንዱ ቁጥር የታወቀ ጓደኛ አለው | ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች |
| የቡድን ብዛት | የግድ እኩል | ቢለያይም ይሆናል |
| ቫሪያንስ | የልዩነቶቹ ብቻ ይታያል | የሁለቱ ለየብቻ ይያዛል |
| ኖርማል የሚጠበቀው | የልዩነቶቹ አምድ | እያንዳንዱ ቡድን፣ በተለይ ናሙናው ሲያንስ |
| ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም | የጥንድ ብዛት ሲቀነስ 1 | በቀመር ይሰላል፣ ብዙ ጊዜ ነጥብ አለው |
| ጓደኛው የጠፋ ቁጥር | ረድፉ በሙሉ ይወጣል | የቀረው ቁጥር ይቆያል |
| የእንቅልፉ መረጃ | ቲ 4.06፣ ፒ 0.0028 | ቲ 1.86፣ ፒ 0.079 (ለዚህ መረጃ ትክክለኛው አይደለም) |

## ለማን የትኛው

ጥናቱ ገና ካልተጀመረ ምርጫው በእጃችሁ ነው፤ የበጀት ጥያቄም ነው። መካከለኛ የሚባለውን ልዩነት፣ ማለትም የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ግማሽ የሚያህለውን፣ በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ከሆኑ በእያንዳንዱ 64፣ በድምሩ 128 ሰው ያስፈልጋል። እነዚያኑ ሰዎች ሁለት ጊዜ ብትለኩና ኮሪሌሽኑ 0.5 ቢሆን 34 ሰው ይበቃል። ኮሪሌሽኑ 0.8 ከሆነ ወደ 15 ይወርዳል። ለመስክ አበል ለሚጨነቅ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ያንኑ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ማግኘት ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ነገር በሰውየው ላይ ይቀራል ወይ? የእንቅልፍ መድኃኒት በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ስለዚህ ሌላውን ማስከተል ይቻላል። አንድን የማስተማሪያ ዘዴ የተማረ ልጅ ግን የተማረውን ትቶ ለሁለተኛው ዘዴ እንደ አዲስ ሊመጣ አይችልም። እንዲህ ከሆነ ሁለት ቡድን ያዙና ዌልችን ተጠቀሙ።

«በፊት» እና «በኋላ» ለመለካት ያሰባችሁ የሁለቱን ጊዜ መጠይቅ የሚያገናኝ መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። በስም አገናኛለሁ ብሎ ማሰብ በአማርኛ መጠይቅ ላይ ጣጣ ያስከትላል። አንድ ተማሪ ይዞት የመጣው ፋይል ትዝ ይለኛል፦ በመጀመሪያው ዙር «ኃይሉ» የተባለው በሁለተኛው ዙር «ሀይሉ» ሆኗል፤ «ዓለም» «አለም» ሆናለች፤ «ፀሐይ» ደግሞ «ጸሀይ»። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለ`VLOOKUP` ግን ሌላ ሰው ነው። ረድፎቹ አልገናኝ ብለው እሱም ተስፋ ቆርጦ ዌልችን ሊጠቀም ነበር። በሁለቱም ፋይል ሐን፣ ኀን እና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርቢያቸው ቀይረን፣ ዓ እና ኣንም አ አድርገን እንደገና ስናገናኝ አብዛኞቹ ጓደኛቸውን አገኙ። የቀሩትን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ላይ አየናቸው።

መጠይቁ ያለ ምንም መለያ ተሰብስቦ ከሆነ፣ ሰዎቹ ያው መሆናቸውን ብታውቁም ጥንዶቹን መልሶ ማግኘት አይቻልም። የረድፉን ቅደም ተከተል እንደ ጥንድ መውሰድ ሐሰት መፍጠር ነው። የሚቀረው ዌልች ነው፤ ሙሉ በሙሉ ትክክል ግን አይደለም፣ ቡድኖቹ የማይተዋወቁ አይደሉምና። እንደተለመደው ኮሪሌሽኑ ፖዚቲቭ ከሆነ ስታንዳርድ ኤረሩ ካለቅጥ ይሰፋል፤ ያለ ለውጥ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ይህንኑ በጥናታችሁ ውስንነት ሥር በግልጽ ጻፉት።

የሠለጠነና ያልሠለጠነ ቡድን ኖሯችሁ ሁለቱም በፊትና በኋላ ከተለኩ ሁለቱም ፈተናዎች የሚያስፈልጉ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የማየው አሠራር ለእያንዳንዱ ቡድን የጥንድ ቲ-ቴስት ሠርቶ «የሠለጠኑት 0.03፣ ያልሠለጠኑት 0.08፤ ስለዚህ ሥልጠናው ሠርቷል» ማለት ነው። በቁጥር እንየው። በእያንዳንዱ ቡድን 20 ሰው አለ እንበል። የሠለጠኑት በአማካይ 6 ነጥብ ጨመሩ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 2.6፤ ያልሠለጠኑት 5 ነጥብ ጨመሩ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 2.7። ፒ-ቫልዩዎቹ ልክ እነዚያ 0.03 እና 0.08 ይሆናሉ። የሁለቱ ጭማሪ ልዩነት ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ስታንዳርድ ኤረሩ 3.75፣ የቲ ዋጋው 0.27። ሥልጠናው ለውጥ ስለማምጣቱ ምንም ማስረጃ የለም። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው «በኋላ ሲቀነስ በፊት» ብሎ ጭማሪውን ማውጣት፣ ከዚያ የሁለቱን ቡድኖች ጭማሪ በዌልች ማነጻጸር ነው። የጥንዱ ሥራ በመቀነሱ ላይ አለቀ፤ የቡድኖቹን ጥያቄ የሚመልሰው ዌልች ነው።

## ሶፍትዌሩ ላይ

ኤክሴል ላይ የመጨረሻው ቁጥር ነው የሚወስነው፤ 1 ጥንድ፣ 3 ዌልች ነው፦

```
=T.TEST(B2:B11, C2:C11, 2, 1)
=T.TEST(B2:B11, C2:C11, 2, 3)
```

አር ላይ ሳትናገሩ የሚሠራው ዌልችን ነው፤ ጥንዱን ከፈለጋችሁ መንገር አለባችሁ። ፓይተን ላይ ደግሞ ሳትናገሩ የሚሠራው ቫሪያንሱን እኩል የሚያደርገው ነውና ተጠንቀቁ።

```
# R
t.test(x, y, paired = TRUE)
t.test(x, y)

# Python
from scipy import stats
stats.ttest_rel(x, y)
stats.ttest_ind(x, y, equal_var=False)
```

ኤስፒኤስኤስ ለተለያዩ ቡድኖች ሁለት ረድፍ ውጤት ያወጣል፤ `Equal variances not assumed` የሚለውን ሁለተኛውን አንብቡ። ኤክሴል ላይ በ`Data Analysis` ያገኛችሁት የዌልች ፒ-ቫልዩ ከ`T.TEST` ትንሽ ቢለይ አትደንግጡ፤ የመጀመሪያው ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙን ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋዋል።

ውጤቱን ስትጽፉ ለጥንዱ የሁለቱን አምዶች አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻ ጽፎ መተው አንባቢውን ያሰናክላል፤ ከነዚያ ቁጥሮች መልሶ ማስላት የሚችለው የዌልችን ብቻ ነው። የልዩነቶቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጨምሩ። የእንቅልፉ መረጃ እንዲህ ይጻፋል፦ «ሁለተኛው መድኃኒት ከመጀመሪያው በአማካይ 1.58 ሰዓት የበለጠ እንቅልፍ ሰጥቷል (የልዩነቶቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.23፣ 10 ጥንድ፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ0.70 እስከ 2.46፣ የጥንድ ቲ-ቴስት፣ ቲ 4.06፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 9፣ ፒ 0.003)።»